የተለጠጠው አርማ

ንብረት ክፍሉን ይጠብቁ የነበሩት ጋሼ የኩርሙክ ሰው ናቸው፤ ያለ ፊርማ መርፌ አያወጡም። አንድ ቀን ፍላሽ ልወስድ ብሄድ፣ ሰው በተሰበሰበበት «ወረቀት የለም፣ ዕቃ የለም» ብለው መለሱኝ። በዚያው ቂም ያዝኩ። በመሥሪያ ቤቱ ብቸኛው የኮምፒውተር ባለሙያ ስለነበርኩ ራሴን ትልቅ ሰው አድርጌ ነበር የማየው።

አዲሱ ሰፊ ሞኒተር የመጣው አሶሳ ዝናብ ሲወርድባት ነው። የመጋዘኑ ጣሪያ አፍስሶ ካርቶኑ ስለራሰ፣ ጋሼ ዕቃ ተረካቢ ኮሚቴውን ሳይጠብቁ ከፍተው ሞኒተሩን ደረቅ ቦታ አስቀመጡት። በእኛ መሥሪያ ቤት ደግሞ ኮሚቴ ሳያይ ካርቶን መክፈት ወንጀል ነው።

በማግስቱ ሦስት የኮሚቴ አባላት መጡ፤ እኔም ተጠራሁ። ሞኒተሩን ከአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ጋር አገናኝቼ አበራሁት። የአምራቹ አርማ ወጣ፤ ክቡ እንደ እንቁላል ወደ ጎን ተለጥጦ፣ ፊደሉ ደብዝዞ።

«ይኼማ አሮጌ ነው! ለውጠውታል!» አለ ሰብሳቢው። መብራት ሄድ መጣ ይል ስለነበር «ሳይቃጠል» ብሎ ሶኬቱን ነቀለው።

እኔ አውቅ ነበር። ኮምፒውተሩ ገና ሲነሣ የሚያወጣው ምስል ትንሽ፣ ለድሮው ጠባብ ስክሪን የተለካ ነው፤ ሰፊው ሞኒተር ሊሞላ ሲል ይለጥጠዋል። ዊንዶው የሚባለው ፕሮግራም እስኪገባ ቢታገሡ ምስሉ ልኩን ይዞ ይጠራ ነበር። ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም።

ጋሼ ወደ እኔ ዞረው በሰባራ አማርኛቸው ለመኑኝ። «ልጄ፣ አንተ ታውቃል። ትንሽ ጠብቁ በላቸው።»

ሰብሳቢው «ባለሙያው፣ ብልሽት ነው?» ሲለኝ፣ «እንደምታዩት ነው» አልኩ። እንዴት ደስ እንዳለኝ አልደብቅም። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

የመጋዘኑን ቁልፍ ተቀበሏቸው። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ሲቀራቸው ዕቃ ለዋጭ ተብለው ዘበኛ ሆነው በር ላይ ተቀመጡ። አብረዋቸው ሻይ ይጠጡ የነበሩት ሰላምታቸውን አሳጠሩ።

ከወራት በኋላ ሞኒተሩ «ጠግነው» ተብሎ ለእኔ ተሰጠኝ። አበራሁት፤ አርማው ተለጠጠ፤ ዊንዶው ገባ፤ ጠራ። ምንም አልነካሁም። «ተጠግኗል» ብዬ ፈርሜ አስረከብኩ፤ ሰብሳቢው በስብሰባ አመሰገነኝ። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜም አፌ አልተከፈተም፤ ፈራሁ።

ማታ ስወጣ ጋሼ ከበሩ ተነሥተው ጠበቁኝ።

«ስክሪኑ ዳነ አሉ?»

«አዎ፣ ሠራሁት።»

«አልሐምዱሊላህ!» እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። «እኔ ሌሊት አልተኛም ነበር። ምናልባት እኔ ነው ውኃ ያስነካ፣ እኔ ነው ያበላሸ፣ የመንግሥት ዕቃ፣ እል ነበር። አላህ ይስጥህ፣ ከሐጢያት አወጣኸኝ።»