እጆቼና ሞክሼ ፊደላት

እህቴ ከደሴ ስትደውል ከሰላምታ በፊት ነገር አትጀምርም። የዚያን ቀን ግን ሰላምታውን ዘለለችው።

«ትምህርት ቤቱን አናገርኩት» አለችኝ። «ልጅሽ የአማርኛ የቃል ጽሕፈት ካለፈች ስድስተኛ ክፍል ትገባለች። ካላለፈች ግን ሦስተኛ ነው የምናስቀምጣት አሉ።»

«ሦስተኛ? ዐሥራ ሁለት ዓመቷ እኮ ነው!»

«ነገርኳቸው። የመጣችው ከዐረብ አገር ነው፣ የአማርኛ ውጤት የላትም፣ ምን እናድርግ አሉኝ።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ልጄን አየኋት። መሬት ላይ በተነጠፈው ፍራሽ ተዘርግታ ታብሌቷን ትነካካለች። እግሯ ከፍራሹ ወጥቷል። ይህችን ልጅ ከስምንት ዓመት ሕፃናት ጋር በአንድ ወንበር ሳስቀምጣት በሐሳቤ መጣብኝ።

ምክንያት አለኝ። እኔ ትምህርት ቤት የገባሁት ዘግይቼ ነው። ከክፍሉ ሁሉ ረጅሟ እኔ ነበርኩ። ልጆቹ «የመምህሯ እናት መጣች» እያሉ ይሥቁብኝ ነበር። ሦስተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ቀረሁ። ማንም አልከለከለኝም፤ ማፈሩ ነው ያስቀረኝ። ልጄም እንደኔ እንደምትቀር፣ ከቀረች ደግሞ እንደኔ የሰው ወለል ስትወለውል እንደምትኖር እርግጠኛ ነበርኩ።

አቡ ዳቢ እንድናቆያት ደግሞ መንገድ የለም፤ ደሴ እህቴ ጋ ልንልካት ነው። ባለቤቴ ሙሳፋህ ሰፈር ጋራዥ ውስጥ ይሠራ ነበር። ኮሮና ሲገባ መጀመሪያ ደመወዙን ቀነሱት፣ ቀጥለው «ኸላስ፣ በቃ» አሉት። የልጃችን ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ በሱ ነው የሚታደሰው። እኔንም ኸሊፋ ሲቲ ቤታቸውን የማጸዳላቸው ማዳም «ይሄ ነገር እስኪያልፍ አትምጪ» ብለውኛል። ሙሐመድ ቢን ዛይድ ሲቲ፣ በግድግዳ ተከፋፍሎ ለብዙ ሰው በተከራየ ቪላ ውስጥ፣ እኛ ሦስታችን በአንዲት ክፍል ነበርን።

ልጄ አማርኛ ትናገራለች። ፊደሉንም ከሀ እስከ ፐ ራሴ አስቆጥሬያታለሁ። ችግሩ እዚያ አልነበረም። እህቴ የላከችልንን የአምና ፈተና ጠራሁላትና ጻፈች፤ ሳመሳክረው ግማሹ በሌላ ፊደል ተጽፏል። «ሥራ» የሚለውን በእሳቱ ሰ፣ «ሰማይ»ን በንጉሡ ሠ። ያኔ ስማቸውን እንኳ አላውቀውም ነበር፤ «ባለ ሦስት እግሩ» እና «ባለ ሁለት እግሩ» ነበር የምላቸው።

«ማሚ፣ ሴም ሳውንድ ነው!» አለችኝ። «አንድ ድምፅ ከሆነ ለምን ሁለት ሆነ?»

«እኔ እንጃ። ሁለት ከሆነ ሁለቱንም እንይዛቸዋለን።»

ያወቅኩት መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ ማስገልበጥ። የተሳሳተችውን ቃል ገጽ ሙሉ አስጻፍኳት። ሲነጋ ያንኑ ተሳሳተች።

መምህርቷን ያገኘኋት በዚህ መሃል ነው። ሥራ ላቆሙ ሰዎች ሩዝና ዘይት የሚያድሉ የቸርች ልጆች ነበሩ፤ እኛ እስላሞች መሆናችንን እያወቁ በራችን ድረስ ያመጡልናል። ጭንቀቴን ለአንዷ ስነግራት፣ አል ዐይን ክሊኒክ ውስጥ እንግዳ ተቀባይ የሆነች፣ አገር ቤት ግን አማርኛ ታስተምር የነበረች ልጅ አለች ብላ ቁጥሯን ሰጠችኝ። በዋትሳፕ መደወል እዚያ አገር አይሠራም፤ ድምፅ መላክ ይሠራል። ላክሁላት። ከሥራ ስትወጣ መለሰች፤

«እትዬ፣ አይፍሩ። እነዚህ ሞክሼ ፊደላት ይባላሉ። ሞክሼ ማለት ስመ አንድ ማለት አይደል? መልካቸው ግን ሌላ ነው። ገጽ ሙሉ ማስገልበጡን ይተዉት፤ እጇ ነው እንጂ ልቧ አይጽፍም። ለየአንዳንዱ ፊደል መጠሪያውን ትያዝ። ቃሉን በቤተሰቡ ትያዘው። ጥንዶቹን አንድ በአንድ፤ አይደባልቁባት።»

እንደዚያ ጀመርን። ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ። አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ። ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። ቤተሰብ ያለችውም ገባኝ፤ «ሠራ» በንጉሡ ከሆነ ሥራም፣ ሠራተኛም፣ አሠሪም፣ መሥሪያ ቤትም በዚያው ይሄዳሉ። «ሰማ» በእሳቱ ነው፤ መስማትም ሰሚም ተከተሉት። «መምህር» እና «ትምህርት» በሃሌታው፣ «ምሕረት» ግን በሐመሩ፤ እነዚህ ሁለቱ ዘመድ ይመስላሉ እንጂ አይደሉም። ስትሳሳት ስሕተቱን አጥፍታ ትክክለኛውን ታያለች፣ በእጇ ትሸፍነዋለች፣ ሳታይ ትጽፋለች። በማግስቱ ያንኑ ቃል ከሌሎች መካከል ሸሽጌ እጠራላታለሁ። ገጹን ፎቶ አንሥቼ ለመምህርቷ እልካለሁ፤ እሷ በድምፅ ታርማለች።

የእጅ ምልክቱን ያመጣሁት ግን እኔ ነኝ። ልጄ መጠሪያዎቹ እየጠፉባት ስትናደድ ጊዜ በእጄ አሳየኋት። ንጉሡ ሲሆን አናቴ ላይ ዘውድ እጭናለሁ። እሳቱ ሲሆን ጣቶቼን እንደ ነበልባል አርገበግባለሁ። ለዐይኑ ዐይኔን እነካለሁ፤ ለጸሎቱ እንደ ዱዓ መዳፌን እዘረጋለሁ። መምህርቷ ሐመር በግዕዝ መርከብ ናት ስላለችን እጄን እንደ ጀልባ አወዛውዛለሁ። ለሃሌታው፣ ሃሌ ሉያ እንደሚሉት፣ ሁለት እጅ ወደ ላይ።

ባለቤቴ አንድ ቀን ገብቶ ሁለታችንንም እጃችንን ወደ ጣሪያ ሰቅለን አገኘን።

«አልሐምዱሊላህ» አለ በሩ ላይ ቆሞ። «ሩዝ አምጥተው ሰዎቼን ወሰዷቸው።»

«ሃሌታው ሀ ነው አባቢ!» አለች ልጄ እየተንከተከተች።

«እሱማ ይታየኛል። ሶላቱስ አለ ወይስ ቀረ?»

በዚህ ሥቃችን መካከል ልጅቷ ተለወጠች። ስጠራላት ትክክል፣ ትክክል፣ ትክክል። ፍርሃቴ ሊለቀኝ ትንሽ ቀረው። ደሴ ያሉትም ቀን ቆረጡልን፤ ፈተናው በዙም ነው አሉ።

በአቡ ዳቢና በአል ዐይን መካከል በኮሮና የተዘጋው መንገድ እንደተከፈተ መምህርቷ «በዐይኔ ልያት» አለች። የባለቤቴን ጓደኛ መኪና ለምነን፣ ባለቤቴ እየነዳ ሄድን። ክሊኒኩ መኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ ከአንድ የተምር ዛፍ ሥር፣ ጭምብሏን እንዳደረገች ወጣች። ወደ እኛ አልተጠጋችም። ልጄ ከኋላ ወንበር ደብተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እኔ ከፊት ወደሷ ዞሬ፣ መምህርቷ ከመስኮቱ ራቅ ብላ መጥራት ጀመረች። ሥዕል። ሰላም። ሕይወት። ዓሣ። ፀሐይ። ልጄ አንዱንም አልሳተችም። ወላሂ፣ ልቤ መኪናው ውስጥ አልበቃ አለ።

መምህርቷ ደብተሩን በመስኮት ተቀብላ አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ።

«እትዬ፣ እስኪ ይውረዱና ወደዚያ አጥር ድረስ ይሂዱ። ጀርባዎን ሰጥተው ይቁሙ።»

ሙቀቱ ያቃጥላል። ሄጄ ቆምኩ። ከኋላዬ የመምህርቷ ድምፅ ይሰማኛል። ስመለስ ደብተሩን አሳየችኝ። የቅድሞቹን ቃላት ነው የጠራችላት። ግማሹ ተበላሽቷል።

«ቃሉን ስጠራ እጅዎ ይንቀሳቀሳል፤ እጅዎን ነበር የምትጽፈው» አለችኝ ቀስ ብላ። «ፊደሉን አይደለም።»

የዚያን ቀን እሷ ያናደደችኝን ያህል ማንም አናዶኝ አያውቅም። «እናቷን አባረሽ በጠራራ ፀሐይ ብታስደነግጫትስ?» አልኳት።

«ደሴ ያሉትም ያስወጡዎታል እኮ። ዛሬ ብትደነግጥ ይሻላታል።»

ልጄ ዐይኗ እንባ ሞልቶ ወደ መስኮቱ ዞራ ነበር። «ማሚ፣ ስትሄጂ ሁሉም ጠፋኝ» አለችኝ። እዚያው ላቅፋት ስል መምህርቷ ከለከለችኝ።

«ምልክቱ መጥፎ አይደለም» አለች። «ግን ከእርስዎ እጅ ወደሷ እጅ ይሂድ። ራሷ ታድርገው፣ ቀጥሎ በአፏ ብቻ ትበለው፣ ቀጥሎ ዝም ብላ ትጻፍ። እርስዎ ደግሞ ከዐይኗ ይጥፉ።»

በረሓውን አቋርጠን ወደ ቤት ተመለስን። ቤት እንደገባን ኩሽና ሄድኩና በሩን ዘጋሁ። ኩሽናው የጋራ ነው፤ ፊሊፒንሷ ጎረቤታችን ዓሣ ትጠብሳለች። በስልኬ ላይ ቃሉን ተናግሬ ለልጄ ታብሌት ላክሁ። «አሠሪ።» በግድግዳው በኩል ጮኸች፤ «ማሚ፣ ነይ!»

«አልመጣም። ማን ከማን ተወለደ?»

ቃሉን ለራሷ ደገመችውና፣ «ሠራ» አለች። «ንጉሡ።»

ሌላ ላክሁ። ሌላ። ጎረቤታችን ከባሌ ጋር የተጣላሁ መስሏት ዓሣ ቆርሳ ሰጠችኝ። በቀን በቀን፣ ከከሰዓቱ የዐስር ሶላት በኋላ፣ እኔ ኩሽና እሷ ክፍል። መጀመሪያ ሰሞን ዘውዱን ራሷ ላይ ስትጭን በበሩ ቀዳዳ አያት ነበር። ኋላ ላይ ዘውዱ ቀረ፤ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ከንፈሯም ዝም አለ። የሚከብዳት አልጠፋም፤ ጸሎቱና ፀሐዩ እስከ መጨረሻው አስቸገሯት። እኔም ማየት ተውኩ። ከበሩ ኋላ መቆየቱ የከበደው ለኔ ነበር እንጂ ለሷ አልነበረም።

የፈተናው ቀን ጠዋት ክፍላችንን ጠረግኩ፣ ስልኩን ከሩዝ ጆንያ ጋር አስደግፌ አቆምኩላት። ፈታኟ ሴት ናት፤ ፊቷ አንዴ ይቆማል አንዴ ይንቀሳቀሳል።

«እጅሽና ወረቀትሽ ይታየኝ። ክፍሉ ውስጥ ማን አለ?»

«እናቴ።»

«ትውጣ።»

ልጄ ወደኔ አልዞረችም። «ማሚ፣ ውጪ» አለችኝ፤ በሩን እንድዘጋውም ነገረችኝ።

ደረጃው ላይ ከባለቤቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። ከውስጥ የፈታኟ ድምፅ ይመጣል። «ሠራተኞቹ... ከፀሐይ በፊት... ተነሥተው...» እጄ ወደ አናቴ ሲሄድ ባለቤቴ ይዞ ወደ ጭኔ መለሰው። «ተይ። አታይሽም» አለኝ። እንደያዘኝ ቆየ።

አንዱ ቃል ላይ ኔትወርኩ የተቋረጠ መሰለኝ። ከዚያ የልጄ ድምፅ መጣ፤ «እንዳስብበት ጊዜ ትሰጪኛለሽ?» ፈታኟ «እሺ» አለች። እኔ ከቁርኣን የማውቀውን ሁሉ ቀራሁ።

ወጥታ ውሃ ጠጣች። «ሁለት ቃል አላውቅም፣ ሌላውን አውቃለሁ» አለች። ሁለቱ የትኞቹ እንደሆኑ ልጠይቃት ፈለግሁ፤ ፊቷን ሳየው ተውኩት።

ማታውን ሳይሆን በማግስቱ ከሰዓት በኋላ እህቴ ደወለች። ሰላምታዋን ሙሉ አደረሰች፤ የባለቤቴን፣ የጎረቤቱን፣ የአየሩን ሁሉ ጠየቀች። ላንቃት ምንም አልቀረኝ።

«ስድስተኛ» አለችኝ። «ፊደሉን የሳተችባቸው ቃላት አሉ፤ ግን ከየት እንዳመጣችው ስጠይቃት የቃሉን ቤተሰብ ቆጠረችልኝ ብላ ፈታኟ ነገረችኝ። የመጀመሪያውን መንፈቅ ያዩዋታል። የትምህርት ቤት ልብሷን በልኳ አሰፍቼ እጠብቃታለሁ፤ ቁመቷን ንገሪኝ።»

ልጄን ግድግዳው አጠገብ አቆምኳት። ሜትር አልነበረንም፤ በክር ለካኋት። ክሩን ይዤ ብቻዬን ኩሽና ሄድኩ፤ ያን ጊዜ አለቀስኩ።