በሃምሳ አምስት ዓመቴ ጡረታ ሊያወጡኝ ሲሉ

የባለቤቴ እናት ገሱባ ከተማ ባለው ቤታቸው በር ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ኦቶና ሆስፒታል ታክመው ወደ ቤታቸው በተመለሱ ሰሞን የባሌ ወንድሞች ተሰበሰቡና እኔን ጡረታ አወጡኝ። ስብሰባው ላይ አልነበርኩም፤ ሶዶ ክፍል ውስጥ ክፍልፋይ አስተምር ነበር። ባሌ ውሳኔውን ይዞልኝ የመጣው እንደ ምሥራች ነው። ሃምሳ አምስት ሞልቶሻል፣ ሃያ አምስት ዓመት ያገለገለ ሰው ደግሞ ከፈለገ ስድሳን ሳይጠብቅ መውጣት ይችላል፣ ገሱባ ሆነሽ እማማን ታስታምሚያለሽ፣ ጡረታሽም እንደኔው በየወሩ ይገባልሻል አለኝ። እሱ ስድሳ ሞልቶት ከማስተማር ከተሰናበተ ገና ወራት መቁጠሩ ነበር። ውሎው ጋዜጣና ከጓደኞቹ ጋር ክርክር ነው።

እውነቱን ልናገር፣ አልከፋኝም። ጠመኔው ሰልችቶኛል፣ ጉልበቴም ደረጃ መውጣት እምቢ ማለት ጀምሯል። ሁለታችንም በአንድ ቀን ገሱባ ትምህርት ቤት ተቀጥረን፣ በአንድ ደመወዝ የጀመርን ሰዎች ነን። እሱ የሚያገኘውን እኔም አገኛለሁ ብዬ ነገሩን ዘጋሁት።

ጊፋታ እየቀረበ ነበር። የወላይታ ዘመን መለወጫ ሲመጣ ወንዶቹ ተቧድነው በሬ ይገዛሉ፤ ቅቤው ግን የሴቶች ነው፣ ዓመቱን ሙሉ እየቆጠብን እንገዛዋለን። የትምህርት ቤታችን ሴቶች የቅቤ ዕቁብ ሰብሳቢ እኔ ነኝ። በእረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል ተሰብስበን ሳለ፣ ከመስቀል በኋላ ሌላ ሰብሳቢ ፈልጉ፣ እኔ ጡረተኛ ልሆን ነው አልኳቸው። ሁሉም እንኳን ደስ ያለሽ ሲሉኝ አንዲት ዝም አለች። እሷ ቀድማን የወጣች መምህርት ናት፤ የልጇን መንትዮች ለማሳደግ ብላ በሃምሳ አምስቷ ተሰናብታ፣ ዕቁቡን ብቻ አልተወችም። ሌሎቹ ሲበተኑ ክንዴን ያዘችና፣ ልጆች ስታሳድጊ ቤት የተቀመጥሽባቸውን ዓመታት ቆጠሩልሽ ወይ አለችኝ።

ሳቅሁባት። ሰባት ዓመት ሙሉ ቤት ተቀመጥኩ እንጂ መች ተቀመጥኩ! ሦስት ልጆች በላይ በላይ ወልጃለሁ፣ በዚያ ላይ የባሌ አባት ግማሽ አካላቸው አልንቀሳቀስ ብሎ አልጋ ላይ ነበሩ። መልቀቂያ አስገብቼ ነው ያስታመምኳቸው፣ አጥቤ፣ አጉርሼ፣ ገልብጬ። መንግሥት ይህን አያውቅም? አገር ያየውን? እሷ ግን አልሳቀችም። «እኔም እንደሱ ነበር የመሰለኝ። ሳትፈርሚ ሂጂና ጠይቂ» አለችኝ።

በማግስቱ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። የሰው ሀብት ክፍል ባለሙያዋ ድሮ ያስተማርኳት ልጅ ሆና ተገኘች፤ አሁንም ቲቸር እያለች አንቱ ትለኛለች። ተረጋግታ አስረዳችኝ። ለመጀመሪያዎቹ አሥር የአገልግሎት ዓመታት ሠላሳ በመቶ ይታሰባል፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ከሩብ በመቶ ይጨመራል። ይህ የሚባዛው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። የወሊድ ፈቃዶቼ ተቆጥረዋል፣ ደመወዝ ላይ ነበርኩና። ከመልቀቄ በፊት ያገለገልኩትም ተደምሮልኛል። መልቀቂያ ያስገባሁበት ጊዜ ግን ደመወዝ የለም፣ ስለዚህ መዋጮ የለም፣ ስለዚህ አገልግሎት የለም። ባሌ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሲይዝ እኔ ሃያ ስድስት ይዣለሁ። እሱ ወደ ስድሳ በመቶ የተጠጋ ሲያገኝ እኔ አሁን ብወጣ ልክ ሃምሳ ነው። ያውም የእሱ ሃምሳ ስምንት ምናምን ከትልቅ ደመወዝ ላይ፣ የእኔ ሃምሳ ከትንሽ ደመወዝ ላይ። እሱ ከፍተኛ መሪ መምህር ሆኖ ሲወጣ እኔ በሰባቱ ዓመት ምክንያት በደረጃ እድገት ወደ ኋላ ቀርቻለሁ።

ደሜ ፈላ። ሕጉ ለሴት ለብቻው ነው ወይ ብዬ ጮህኩባት፣ ምስኪኗን። የለም አለችኝ፤ ሕጉ ወንድ ሴት አይልም፣ ስድሳው ለሁለቱም ስድሳ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ማን ሥራ አቋርጦ ቤት ገባ፣ ማን ቀድሞ ወጣ ከሚለው ነው። እዚህ ቢሮ በሃምሳ አምስት ልውጣ ብለው የሚመጡት ምክንያታቸው ሲጠየቅ፣ ሴቶቹ አብዛኞቹ ሰው ለማስታመም ነው አለችኝ።

«እሺ፣ ብቆይስ?» አልኳት።

«ስድሳ እስኪሞላዎት ከቆዩ አምስት ዓመት ይጨመራል፤ ሃምሳ ስድስት ከሩብ በመቶ ይደርሳሉ። በዚያ ላይ የሚቀጥለው ደረጃ ደርሶልዎታል። ያንን ደመወዝ ሦስት ዓመት ከበሉ ደግሞ ጡረታዎ የሚታሰበው በእሱ ነው፣ ቲቸር።»

ከቢሮው ስወጣ እግሬ መሬት አልነካ አለኝ። በሃምሳ አምስት ዓመቴ ፈተና ያለፈች ተማሪ ሆንኩ። ባጃጁን ትቼ በእግሬ ሄድኩ፣ ጉልበቴን ረሳሁት። ሰባቱ ዓመት ሄዷል፣ የሚመልሰው የለም። አምስቱ ግን ገና በእጄ ነው! ቤት ስደርስ ለባሌ ምንም አልነገርኩትም። ብነግረው ወንድሞቹ ጋር ይደውላል፣ ተመልሰው ይሰበሰባሉ። እኔ ባለሁበት ይሰብሰቡ አልኩ።

ለጊፋታ ሁላችንም ገሱባ ገባን። እማማ አልጋቸውን በር አካባቢ አስደርገው እንግዳ ይቀበላሉ። ጥሬው ሥጋ ቀርቦ፣ ከቆጮ የሚሠራው ሙቹዋ በቅቤ ተለውሶ፣ ሰው ከጠገበ በኋላ ታላቁ ወንድም ጉሮሮውን ጠራርጎ የእኔን መምጣት አበሰረ። ተመረቅሁ፣ ተመሰገንኩ። ቢሮ የሰማሁትን ሁሉ በወላይትኛ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ከዚያ ወደ ባሌ ዞርኩ።

«ጡረታ የወጣኸው አንተ ነህ። እማማም ያንተ እናት ናቸው።»

ታላቁ ወንድም፣ ወንድ ልጅ እንዴት እናቱን ያጥባል አለ። ባሌ ሥጋውን ይዞ እኔን ያየኛል፣ ወንድሙን ያየዋል። እማማ ከአልጋቸው ሆነው ልጆቻቸውን አንድ በአንድ ተመለከቱ። «ባሌን ያጠበችልኝ እሷ ናት፤ ያኔ ማንም እንዴት አላለም» አሉ።

በሚቀጥለው ሳምንት ባሌ ልብሱን ይዞ ገሱባ ገባ። የምታጥባቸውን ሴት ከጎረቤት አገኘን፤ መገልበጡ፣ ማጉረሱ፣ ሌሊት መነሳቱ ግን የእሱ ሆነ። እኔ ቅዳሜና እሑድ እየሄድኩ አሳርፈዋለሁ። ሰኞ ክፍሌ ውስጥ ነኝ፣ እየዘፈንኩ ነው ማለት ይቻላል።

ወር ሳይሞላው ደወለልኝ። ድምፁ ደክሟል። ስለ እማማ መድኃኒት ነገረኝ፣ ሾርባው እንዳረረበት ነገረኝ፣ ከዚያ ጠየቀኝ።

«ለአባባ ይህን ስንት ዓመት ነው ያደረግሽው?»

«ሰባት።»

«ከሦስት ሕፃናት ጋር።»

«ከሦስት ሕፃናት ጋር።»

«እኔ ክፍል እያስተማርኩ፣ ለእኔ እየተቆጠረልኝ» አለ።