የፊርማ ጉርሻ የጠየቅሁበት ኢሜይል

የቅጥር ደብዳቤው በኢሜይል ሲመጣልኝ ነገሌ ውስጥ በመንግሥት የውኃ ቢሮ እሠራ ነበር። የውኃ ጂኦሎጂስት ነኝ። ጉድጓድ የት እንደሚቆፈር አጠናለሁ፣ ሲቆፈር አጠገቡ ቆሜ እከታተላለሁ፣ ውኃው በፓምፕ ተፈትኖ ሲያበቃ ደግሞ «ይህ ጉድጓድ ይህን ያህል ይሰጣል» ብዬ እፈርማለሁ። ያ ፊርማ ከሌለ ለቆፋሪው ክፍያ አይለቀቅም።

የፈለገኝ በዶሎ ኦዶ መስመር በርካታ ጉድጓድ ለመቆፈር ጨረታ ያሸነፈ የግል ድርጅት ነው። ለፈተና በስልክ ብቻ ነበር ያነጋገሩኝ፤ ጥያቄውም አጭር ነበር። ደብዳቤውን ሳነበው የመስክ አበሉ ወፍራም፣ መሠረታዊ ደመወዙ ግን ቀጭን ሆኖ አገኘሁት። ይህ ደግሞ የታወቀ ዘዴ ነው። ጡረታም ሆነ የስንብት ክፍያ የሚሰላው በመሠረታዊው ደመወዝ ነው፤ አበል ከሜዳ የተመለስሽ ዕለት ይቆማል።

እናቴ ፍየል ነጋዴ ናት። አባቴ ከሰሜን የመጣ ወታደር ነበር፤ እሱ ካረፈ በኋላ እኛን ያሳደገችን በፍየል ተራ ነው። ነገሩን ስነግራት «መጀመሪያ በተጠራ ዋጋ የሚሸጥ የለም፤ መልሺላቸው፣ ግን ሳትቆጪ» አለችኝ።

እኔም መለስኩ። ኢሜይሉን እንደ ቢሮ ወግ ጽፌ ደጋግሜ አረምኩት። መጀመሪያ አመሰገንኩ፤ ሥራውን በእውነት እንደምፈልገውም ገለጽኩ። ቀጥዬ በቆላው ያለኝን ልምድ ጠቅሼ መሠረታዊ ደመወዙ ከፍ እንዲልልኝ ጠየቅሁ፤ የምፈልገውንም መጠን በግልጽ አስቀመጥኩ። የመንግሥት ቤቴን ለቅቄ፣ እናቴን ይዤ የምዛወር በመሆኑ አንድ ጊዜ የሚከፈል የፊርማ ጉርሻ እንዲታሰብልኝም ለመንኩ። «በዚህ ላይ ለመነጋገር ዝግጁ ነኝ» ብዬ ጨረስኩ። ካልሰጣችሁኝ እቀራለሁ የሚል ቃል አልነበረበትም። የጠበቅሁት ግማሹን ነበር። ሰው እንደዚያ ነው የሚደራደረው፤ አንቺ ትጠሪያለሽ፣ እነሱ ይቀንሳሉ፣ መሐል ላይ ትገናኛላችሁ።

ሻይ ጠጥቼ ሳልመለስ መልሱ ደረሰ። «ያቀረቡትን ሁለቱንም ጥያቄ ተቀብለናል። ውሉን ፈርመው በዚህ ሳምንት ሥራ እንዲጀምሩ እንጠይቃለን።»

ደስ ሊለኝ ሲገባ መልሱን ደግሜ ደግሜ አነበብኩት። ማታ ለእናቴ ስነግራት የያዘችውን ሰሃን አስቀመጠች።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«ኢንታላ ኮ፣» አለች፣ ልጄ ማለቷ ነው፣ «የማይከራከር ገዢ ወይ ገንዘቡ የራሱ አይደለም፣ ወይ የሚገዛው ፍየሉን አይደለም።»

አብሮ የተላከውን ውል ቁጭ ብዬ አነበብኩ። በመጀመሪያው ደብዳቤ ያልነበሩ ሁለት አንቀጾች ገብተዋል። አንደኛው፣ ዓመት ሳልሞላ ከለቀቅሁ ጉርሻውን ሙሉ በሙሉ እንድመልስ ያስገድዳል። እንዲህ ያለ ግዴታ የተለመደ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን በሠራሽው ወር ልክ እየቀነሰ ይሄዳል። ሁለተኛውን ሦስቴ አነበብኩት፦ ሠራተኛዋ ከመቀጠሯ በፊት የተጠናቀቁትን ጉድጓዶች ሪፖርት ፈርማ ታስረክባለች።

ቆሜ ያላየኋቸው፣ ሲፈተኑ ያልነበርኩባቸው ጉድጓዶች።

ሁለተኛ ኢሜይል ጻፍኩ፤ እንደ መጀመሪያው በትሕትና። ስለ ደመወዙ አመሰገንኩ፤ የሚመለሰው ጉርሻ በሠራሁት ወር ልክ እንዲቀንስ፣ ሪፖርቶቹን ከመፈረሜ በፊትም የፓምፕ ሙከራው ዝርዝር መረጃ እንዲላክልኝ ጠየቅሁ። ከእኔ በፊት ማን ይከታተል እንደነበር የሚል ጥያቄም አከልኩበት።

ለዚህኛው መልስ አልመጣም። አንድ ቀን አለፈ፣ ሌላም አለፈ። ከዚያ ስልኬ ጠራ፤ የድርጅቱ የሰው ኃይል ኃላፊ ነው። በኢሜይል «እርስዎ» ሲለኝ የነበረው ሰው አሁን «አንቺ» አለኝ።

«ደመወዙን ሰጠንሽ። ጉርሻውን ሰጠንሽ። አሁን ደግሞ ምን ጎደለሽ?»

«ምንም አልጎደለኝም። የሙከራውን መረጃ ሳላይ ግን መፈረም አልችልም። ካለ ይላኩልኝ።»

«መረጃው ሜዳ ነው። መጥተሽ ታይዋለሽ።»

«ከፈረምኩ በኋላ?»

ከጀርባው የጄኔሬተር ድምፅ ይሰማል።

«ከእኔ በፊት የነበረው ባለሙያ ለምን ለቀቀ?» አልኩት።

«ታሞ ነው። ደግሞ እንዲህ ያለ ጥያቄ በኢሜይል አይጻፍም። ኢሜይል ይቀራል።» ቀጥሎ ድምፁን አለስልሶ «ነገ ሾፌራችን በነገሌ ያልፋል፤ ውሉን ቤትሽ ድረስ ያመጣልሻል። እናትሽ ፍየል ተራ ናቸው አይደል? በእሳቸው በኩል ቤቱ አይጠፋውም» አለኝ።

ስለ እናቴ ሥራ ከእነሱ ለማንም አልነገርኩም ነበር። በኢሜይሉ ያለው «እናቴን ይዤ» የሚል ቃል ብቻ ነው። ከመቼ ጀምሮ ስለ እኔ እንደሚያጣሩ ልጠይቀው ስል ስልኩን ዘጋው።

በማግስቱ ጠዋት፣ መኪናው ሳይደርስ፣ አጭር ኢሜይል ላክሁ፦ ለተሰጠኝ ዕድል አመሰግናለሁ፣ ሥራውን መቀበል አልቻልኩም። ያም ሆኖ መኪናው መጣ። ነጭ ፒክአፕ ከበራችን ፊት ቆመ። ሾፌሩ አልወረደም፣ ጡሩምባም አላሰማም። እናቴ ወጥታ «አካም? ናጋ?» ብላ ደህንነቱን ስትጠይቀው መስተዋቱን ዝቅ አድርጎ «ናጋ» አለና ፖስታውን ዘረጋላት። እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ቆመች። ፖስታው በተዘረጋው እጁ ላይ ቆየ፤ በኋላ መስተዋቱን ዘጋው። ፀሐይዋ ከአናታችን እስክትዘቀዝቅ ድረስ እዚያው ነበር። ከዚያ በኋላም ከቢሮ ስወጣ አልፎ አልፎ ያንን መኪና አየው ነበር። ያው ይሁን ሌላ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ነጭ ፒክአፕ በሞላበት አገር ሰው ምን ብሎ ይከሳል?

ክረምቱ ሲገባ አብሮኝ የተማረ፣ የቦሬ ከተማ ልጅ ደወለልኝ። የደወለው ከዶሎ ኦዶ ነው፤ እኔ የተውኩትን ሥራ ይዟል።

«አንቺንም ጠይቀውሽ ነበር አሉ፣» አለ። «ጉርሻ ሰጥተውሽ ነበር?»

«የጠየቅሁትን ሁሉ። አንተስ?»

«እኔም የጠየቅሁትን ሁሉ።»

«ሪፖርቶቹን ፈረምክ?»

«ፈርሜያለሁ። ከፈረምኩ በኋላ ነው አስተያይቼ ያየኋቸው። የሁሉም ጉድጓድ የሙከራ ውጤት ቁጥር በቁጥር አንድ ዓይነት ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው የተገለበጠ።»

«ውጣ በቃ።»

«ጉርሻውን ለእህቴ ሕክምና ከፍዬዋለሁ። በምን እመልሰዋለሁ?» ከዚያ በሹክሹክታ «ሰው መጣ» አለና ተቋረጠ። መልሼ ስደውል ስልኩ ጠራ፤ የሚያነሳው ግን አልነበረም።

የሰማሁትን ለቢሮ ኃላፊዬ ነገርኩ፤ ከድርጅቱ ጋር የተጻጻፍነውን ኢሜይልም አሳየሁት። አንብቦ «ሥራው በእኛ ክልል አይደለም» አለና ስልኬን መለሰልኝ፤ ቀና ብሎ ግን አላየኝም።

በሚቀጥለው በጋ የውኃ ቦቴዎች ወደ ዶሎ መስመር ይመላለሱ ጀመር። አንዱን ሾፌር ነገሌ መውጫ ላይ፣ ነዳጅ ሲቀዳ አግኝቼ ለየትኛው ቀበሌ እንደሚያደርስ ጠየቅሁት። የነገረኝ ቀበሌ የቦሬው ልጅ ከፈረመላቸው አንዱ ነው።

«እዚያ አዲስ ጉድጓድ አለ ሲባል ሰምቼ ነበር፣» አልኩት።

«አለ፣» አለ ሾፌሩ። «ክዳኑ ተቆልፏል። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን አጠገቡ ደርድረው እኔን ይጠብቃሉ።»