ጠረጴዛውን የያዘው ቁጣ

ቆቦ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ጥግ፣ ወልደ ሚካኤል የሚባል ማመልከቻ ጻፊ አለ። ሃያ ሁለት ዓመት እዚያው ተቀምጧል። የተጠለለበት የኒም ዛፍ እንኳ ከሱ በኋላ የመጣ ነው። ድቁና ጀምሮ ተወ፤ ስምንተኛ ክፍል ጀምሮ ተወ፤ ትዳር ጀምሮ ግን አልተወም፣ ብርቱካን ስላልፈቀደች። እኔ ጎኑ ጫማ እሰፋለሁ። የምነግራችሁን ሁሉ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፤ ያልሰማሁትንም ቢሆን አውቀዋለሁ።

የወልደ ሚካኤል ጠረጴዛ አንድ እግሩ ያጥራል። ከሥሩ የታጠፈ ወረቀት ያስገባበታል። ወረቀቱ የሰው ቁጣ ነው። ሰው ቤቱ ተናዶ የጻፈውን ይዞለት ይመጣል፤ እሱ ያለዝበውና በንጹሕ ወረቀት ይገለብጠዋል፤ የመጀመሪያው ታጥፎ እግር ይሆናል። እሳቱ ሲያልቅ፣ ማለቴ ወረቀቱ ሲያልቅ፣ ሌላ ተናዳጅ ይመጣል። በዚህ አገር እግር አጥቶ አያውቅም።

መጻፍ ብቻ አይደለም፣ ለማይችል ሰው ደብዳቤ ያነባል። በዚህ ሥራ ሁለት ሕግ አለው። አንደኛው፣ የተጻፈውን ሲያነብ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ሁለተኛው፣ ማን እንደሚያስነብብ ለማንም አይናገርም። ለሚስቱም። ለኔም አልነገረኝም፤ እኔ ቁጭ ብዬ ስለማይ ነው የማውቀው።

ባለፈው ሐምሌ የሺ መጣች። የሺ ልብስ ሰፊ ናት። ከገበያው ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይታ ስድስት ዓመት ሠርታበታለች፤ ቀን ትሰፋበታለች፣ ማታ ትተኛበታለች። ነጠላዋ እስከ ጉልበቷ ርሷል።

«ጋሽ ወልዴ፣ ይቺን ገልብጥልኝ። አንድ ቃል እንዳትነካ!»

የሒሳብ ደብተር ወረቀት ናት፣ ባለ አራት ማዕዘን። ወልደ ሚካኤል ዘርግቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አነበበ።

«አንተ ኡበይድ! ቤት አከራየሁ ብለህ ወንፊት አከራየኸኝ። ግመልህን እዚህ ቤት አንድ ቀን ብታሳድረው ግመሉ ራሱ ይከስህ ነበር። ልብ የለህም። ወንድ ከሆንክ ና። ኪራይ ከዛሬ ጀምሮ አልከፍልም!»

ከጽሑፉ ሥር ደግሞ ሥዕል አለ። ልብስ ሰፊ አይደለች፣ እጇ ያውቃል። አንድ ግመል ነው። ግመሉ መነጽር አድርጓል።

ወልደ ሚካኤል ሥዕሉን ሲያይ ላበው። እኔ ለምን እንደላበው አወቅሁ። ሐጂ ኡበይድ የዋጃ ሰው ናቸው፤ ማሽላ በግመል ጭነው ይነግዳሉ፣ ቆቦ ውስጥ ሁለት ቤት ያከራያሉ። መነጽራቸው ከደረት ኪሳቸው ወጥቶ አያውቅም። ደብዳቤ በደረሳቸው ቁጥር ግን ከዚህ ዛፍ ሥር ይመጡና «መነጽሬን ረስቼው ነው» ይላሉ። ወልደ ሚካኤል ኪሳቸውን እያየ «ምን ቸገረ» ይላል። አሥር ዓመት ሆናቸው።

እንግዲህ የሺ የምታስጽፈውን ደብዳቤ ጽፎ፣ ዞሮ ደግሞ ለሐጂ የሚያነበው እሱ ራሱ ነው። ያውም ሰው በተሰበሰበበት። ይህን ደግሞ ለየሺ መንገር አይችልም።

«የሺ፣ ቁጭ በይ» አላት።

«አልቀመጥም! የስልሳ ልጅ የትምህርት ቤት ልብስ ተቀብያለሁ፤ ጨርቁ ላይ እየፈሰሰ ነው። የስፌት መኪናዬን ላስቲክ አልብሼ እኔ በዝናብ አድሬያለሁ!»

«እሺ። ይህን ደብዳቤ ወሰደው እንበል። ሲሰማው ምን ይላል?»

«ምን ይላል… ይናደዳላ!»

«ከዚያስ?»

 የሺ ከዚያ የሚመጣውን ታውቀዋለች። «ውጪልኝ» ነው። በክረምት፣ ስልሳ ልብስ ታቅፋ፣ መኪና ተሸክማ የት ትገባለች? ተቀመጠች።

ወልደ ሚካኤል እስክሪብቶውን አነሳ። «ስንት ጊዜ ነገርሽው?»

«ሦስት።»

«መቼ መቼ?»

«አንዱን አስታውሰዋለሁ፣ የሚካኤል ዕለት ነው፣ ሰኔ አሥራ ሁለት። ጎረቤቴ ራህመት ቤቴ ነበረች። ‹በዚህ ሳምንት አስጠግናለሁ› አለኝ፣ ሰምታለች።»

«ቤቱ ስንት ቦታ ያፈሳል?»

«ሁሉም ቦታ!»

«ሁሉም ቦታ የሚያፈስ ቤት የለም፣ ያ ሜዳ ነው። ቁጠሪልኝ።»

በጣቷ ቆጠረች። በሩ፣ አልጋው፣ መኪናው። ሦስት።

ጻፈ። ሲጨርስ አነበበላት። መጀመሪያ ስለ ሐጂ ጤና ጠየቀ። ቀጥሎ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ማሽላው፣ ስለ ዝናቡ መልካምነት።

«ቆይ ቆይ» አለች የሺ። «የዝናቡ መልካምነት?»

«ማለዘቢያ ነው።»

«ጋሽ ወልዴ፣ እኔ በዝናቡ እየበሰበስኩ ዝናቡን ላመስግን? ጣሪያው የት ገባ?»

«ይመጣል፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው።»

እዚህ ጋ እኔም መርፌዬን አስቀመጥኩ። «ወልዴ፣ የጎብዬውን እንዳለውን አስታውስ» አልኩት።

እንዳለው የጎብዬ ተከራይ ነው። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ሞልቶበት ወልደ ሚካኤል ለአከራዩ ጻፈለት። አለዘበው፣ አለዘበው፣ አለዘበው። አከራዩ አንብቦ «እኔም ደህና ነኝ፣ ስላሰብከኝ አመሰግናለሁ» ብሎ መለሰ። ጉድጓዱ ግን እንደሞላ ነው።

ወልደ ሚካኤል ክፉኛ አየኝና ወረቀቱን ቀደደው። እንደገና ጀመረ። የሷን ደብዳቤ ጎኑ ዘርግቶ አንድ በአንድ ያወጣል።

«‹ልብ የለህም› ይውጣ። ስለ ልቡ የምናውቀው የለም፣ የምናውቀው ስለ ጣሪያው ነው። ‹ወንድ ከሆንክ ና› ይውጣ፤ ‹መጥተው ይዩልኝ› ይሁን። ‹ኪራይ አልከፍልም› ይውጣ።»

«እሱ አይወጣም! እሱ ነው የሚያመው!»

«እሱን ከጻፍሽ ጥፋተኛዋ አንቺ ትሆኛለሽ። ዛሬ ጥፋተኛው እሱ ብቻ ነው፣ ለምን ትካፈይዋለሽ?»

አሰበችና እሺ አለች። ከዚያ ወልደ ሚካኤል አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ሰኔ አሥራ ሁለት ላይ።

«ይቺም ትቅር» አለ ቀስ ብሎ። «ቃል ሰጥተው ነበር ማለት… ትልቅ ሰው ናቸው። ሰው ፊት ከተነበበ…»

«ማን ሰው ፊት ያነበዋል? ቤቱ ቁጭ ብሎ ነው የሚያነበው፣ መነጽር አለው!»

ወልደ ሚካኤል አፉን ከፈተ። ሕጉ ትዝ አለው። ዘጋው።

«ብሎኛል፣ ጋሼ። ስድብ ብትል አወጣሁ፣ ኪራይ ብትል አወጣሁ። ይሄ ግን ስድብ አይደለም፣ የሆነ ነገር ነው። ይሄን ካወጣህ ምን ይዤ ልቅረብ?»

እንዲህ ሆኖ ቀረ፦

«ለተከበሩ ሐጂ ኡበይድ። ሐምሌ 8 ቀን። ጉዳዩ፦ የሚያፈስ ጣሪያ እንዲጠገን ስለመጠየቅ። በቤትዎ ስድስት ዓመት በሰላም ሠርቼ ኖሬያለሁ፤ ስለዚህ አመሰግናለሁ። ጣሪያው ግን ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ በሦስት ቦታ ያፈሳል፤ በበሩ፣ በአልጋው እና በስፌት መኪናው ላይ። ሰኔ 12 ቀን ራህመት ባለችበት ስነግርዎ ‹በዚህ ሳምንት አስጠግናለሁ› ብለውኝ ነበር። ቃልዎን አምኜ ጠበቅሁ፤ አልተጠገነም። መጥተው አይተው እስከ ሐምሌ 20 ቀን እንዲያስጠግኑልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ካልሆነ ቀበሌው ቤቱን እንዲያይልኝ ለማመልከት እገደዳለሁ። ወደዚያ ሳይደርስ በእርስዎ እጅ እንደሚያልቅ አምናለሁ። የሺ።»

በሁለት ቅጂ ሠራው። «አንዱን ስጪ፤ አንዱ ላይ ‹ደርሶኛል› አስብለሽ አስፈርሚና አስቀምጪው» አላት። ባለ ግመሉን ወረቀት አጥፎ ከጠረጴዛው እግር ሥር አስገባው። እሷ ሄደች። እሱ ምሳውን አልበላም።

በገበያው ዕለት ዛፉ ሥር ሰው ሞልቷል። አራት ባላገር አግዳሚው ላይ ተራ ይጠብቃሉ። የሺ ክር ልትገዛ ወጥታ እኔ ጋ የጫማዋን ዘለበት ታሰፋለች። ሐጂ ኡበይድ ከተፍ አሉ። ሰው ሁሉ ብድግ ብሎ ቦታ ለቀቀላቸው። የሺ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበችና ከዣንጥላዬ ጀርባ ገባች።

«ወልደ ሚካኤል፣ እንዴት አደርክ? እቺን እይልኝ እስቲ። መነጽሬን ረስቼው ነው።»

መነጽሩ ኪሳቸው ውስጥ ያበራል።

«ምን ቸገረ» አለ ወልደ ሚካኤል። ወረቀቱን ተቀብሎ ዘረጋው። የሺ በአንድ ጫማ ቆማ ታየዋለች። አሁን ገባት። ፊቷ እንደ ኖራ ሆነ። በጆሮዬ «ጋሼ፣ የሰኔዋን ይዝለላት በለው» አለችኝ። እኔ ምን ልበለው? አፌ ላይ ምስማር ይዣለሁ።

አነበበ። የተከበሩ የሚለው ላይ ሐጂ አገጫቸውን ቀና አደረጉ። ስድስት ዓመት በሰላም የሚለው ላይ አግዳሚው ላይ ያሉትን ዞር ብለው አዩ፣ ሰማችሁ ወይ እንደማለት። ሰኔ 12 ላይ ሲደርስ የወልደ ሚካኤል ድምፅ ቀጠነ። ግን አልዘለለም። «…ቃልዎን አምኜ ጠበቅሁ፤ አልተጠገነም።»

ሐጂ እጃቸውን አነሱ። «እሷን ድገማት።»

ደገማት። ባላገሮቹ መሬት መሬት ያያሉ።  እኔ ምስማሬን ልውጥ ነበር። ሐጂ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው ተደገፉት፤ ጠረጴዛው ሸርተት አለና ወዘወዛቸው። ጎንበስ ብለው ከእግሩ ሥር ያለችውን ወረቀት አወጡ፣ አስተካክለው ሊያስገቧት። ወረቀቷ ተከፈተች። ግመሉ ወጣ።

«ይቺስ ምን ትላለች?»

የሺ ክንዴን ጨበጠችው፣ ምልክቱ ሦስት ቀን ቆይቷል። ወልደ ሚካኤል ደግሞ ሕግ አለው። ካነበበ አይጨምርም፣ አይቀንስም።

«እሷ ደብዳቤ አይደለችም፣ ሐጂ» አለ። «ቁጣ ናት። አልተላከችም። ያልተላከ አላነብም።»

«የማን ቁጣ?»

«ካልተላከ ባለቤት የለውም።»

ሐጂ ሥዕሉን አዩት። አዙረው አዩት። እጃቸው ሳያስቡት ወደ ደረት ኪሳቸው ሄዶ መነጽሩን ዳሰሰው። ከዚያ ወረቀቷን በሥርዓት አራት ቦታ አጥፈው ከጠረጴዛው እግር ሥር መለሷት፣ ጠረጴዛውን ነቅነቅ አድርገው ሞከሩት። ቆመ።

«ብያለሁ» አሉ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ወላሂ ብያለሁ፣ ሰኔ ላይ። ረስቼው ነው። በአክብሮት ለጠየቀኝ ሰው ምን እላለሁ? ቆርቆሮ ዛሬውኑ ይገዛል፣ ኢንሻአላህ።» ሊሄዱ ተነሱና የኔን ዣንጥላ አዩት። ከሥሩ አንድ ባዶ እግር ይታያል። ዓይናቸውን መልሰው ሄዱ።

ከሁለት ቀን በኋላ ጠጋኞቹ መጡ። ሐጂ ራሳቸው ከታች ቆመው ያሠሩ ነበር። የበሩን ቀዳዳ ደፈኑ፣ የአልጋውን ደፈኑ፣ መኪናው ላይ ሲደርሱ ሐጂ ጮኹ። «እሷን ደርቡባት!» ሲያልቅ የሺ አመስግና ደጅ ድረስ ሸኘቻቸው። ከደጁ ላይ ዞር አሉና መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡ። አደረጉት።

«በይ የሺዬ» አሏት፣ «እንግዲህ ግመሉም ቢያድር አይከሰኝም።»

የሺ ይህን ስትነግረን ወልደ ሚካኤል እስክሪብቶው ከእጁ ወደቀ። ግመሉን ያዩ እንደሆነ አይተዋል። ስለ ክሱ የተጻፈውን ግን ማን አነበበላቸው? እኔን አየኝ። እኔ እንደሆንኩ አፌ ላይ ምስማር ነበር።