ነጠላውን የነካው ሰማያዊ

እኛ ቤት ውሃ ሁለት ጊዜ ሳይሠራ አይደፋም ነበር። በሶዶ ቦኖ ተሰልፎ፣ ጀሪካን ተሸክሞ ዳገት የወጣ ሰው ይገባዋል። የነጭ ልብስ ውሃ ለባለ ቀለሙ፣ የባለ ቀለሙ ለወለል፣ የወለሉ ለጎመኑ። ከአራተኛ ክፍል ወጥቼ ቤት ስይዝ ከእናቴ የተማርኩት ዋናው ትምህርት ይኸው ነው። ልጄን ያስቀየምኳትም በዚሁ ትምህርት ነው።

የመጀመሪያዋ ልጄ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናውን አልፋ ሰሜን፣ በአውቶቡስ ሁለት ቀን የሚወስድ አገር ደረሳት። እኔ እዚሁ አጠገባችን ካለችው ከበዴሳ አልፌ አላውቅም። ብርድ ነው አሉኝ፤ የማታውቀው ምግብ፣ የማታውቀው ሰው ነው አሉኝ። እንቅልፍ አጣሁ። አብሬያት መሄድ ስለማልችል ነጠላዬ አብሯት ይሂድ አልኩ። ጉኑኖ ያለችው እናቴ ጥጡን ፈትላ፣ ጎረቤቷ ሸማኔ ሠርቶት፣ ለሠርጌ የሰጠችኝ ነው። ስትበርዳት ትለብሰዋለች፤ ስትለብሰው እኔ አለሁ ማለት ነው። ሌላ የምሰጣት ነገር አልነበረኝም።

እሷ የምትወደው ግን ሱሪዋን ነበር። አጎቷ ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ የገዛላት አዲስ ጂንስ፣ ሌሊት የመሰለ ጥቁር ሰማያዊ፣ መሬት ላይ ቢያቆሙት የሚቆም። ሴት ልጅ ሱሪ ለብሳ መንገድ ስትወጣ ሰው ምን ይል ይሆን ብዬ ብሰጋም አልከለከልኳትም።

ልትሄድ ሦስት ቀን ሲቀራት ልብሷን ሁሉ ላጥብ ተነሣሁ። እሷ ጓደኞቿን ልትሰናበት ወጥታለች። ጂንሱን በሙቅ ውሃ ዘፈዘፍኩት፤ ድርቅ ያለ ስለሆነ ይለሰልስ ብዬ ሳሙና ለቅልቄ፣ እጥፍ አድርጌ ድንጋይ ላይ በብሩሽ ፈተግሁት። ውሃው ሰማያዊ ሆነ። እንዴት ያለ ሰማያዊ! ሱቅ በትንሽ በትንሹ የሚሸጠውን፣ ነጭ ልብስ ማድመቂያ ዱቄት፣ ቁርጥ እሱን። ነጭ ሸሚዝ ስናጥብ መጨረሻ ላይ ከዚያ ዱቄት ቆንጥረን ውሃ ውስጥ በትነን እንነክረዋለን፤ ቢጫው ይጠፋል። የእኔም ነጠላ ከመቀመጥ ብዛት ቢጫ ብሎ ነበር። ታዲያ ይህ ውሃ ለምን ይደፋል? እግዜር ዱቄቱን በነጻ ሰጠኝ ብዬ ነጠላዬን አጥፌ ነከርኩት፤ በደንብ ይግባው ብዬም አሸሁት።

ሳወጣው ተመትቶ እንደበለዘ ገላ ሆኗል። አንድ ቦታ ጠቁሮ፣ አንድ ቦታ ፈዝዞ፣ እጥፉ ባለበት ሁሉ መስመር ሠርቶ። ደንግጬ፣ ፀሐይ ይመጥጠው ይሆናል ብዬ እዚያው እንደረጠበ ገመድ ላይ ሰቀልኩት።

ልጄ መጣች። መጀመሪያ ያየችው ሱሪዋን ነው። የታጠፈበት ሁሉ በብሩሹ ተልጦ ነጭ ነጭ መስመር አውጥቷል።

“እማ! ምን አደረግሽው?”

“አጠብኩልሽ።”

“ይሄ መታጠብ ነው? እንደ ድንች ልጠሽዋል እኮ!” ከዚያ ነጠላውን አየች። “ይሄስ?”

“ላንቺ ነው። እንድታደርጊው።”

“ይሄን ለብሼ? እናቷ ቀለም ቀቢ ናት እንዲሉኝ?”

ያኔ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር፤ ሳቀች። ሱሪውን ለብሳ ሄደች፣ ምክንያቱም ሌላ አልነበራትም። ነጠላው ገመዱ ላይ ቀረ። መናኸሪያ ስሸኛት ነፋስ ነበር፤ በመስኮት እያየኋት አንገቷ ባዶ ነው። ያ ባዶ አንገት ወራት ሙሉ ከዓይኔ አልጠፋም።

ጎረቤቴ ጨው አድርጊበት አለችኝ። አደረግሁ፤ ምንም። በመጨረሻ ነጠላውን በፌስታል ይዤ ገበያ ወዳሉት ባለ ሱቅ ሄድኩ። አባታቸው ከስልጤ መጥተው የከፈቱት የልብስ ሱቅ ነው፤ ጂንሱንም የሸጡት እሳቸው ናቸው።

ዘርግተው አዩትና፣ “እናቴ፣ ይኸን ምስኪን ማን ደበደበው?” አሉኝ።

ነገርኳቸው። አልሳቁም ማለት አልችልም። ሲበቃቸው ከመደርደሪያ አንድ ጂንስ አውርደው ከጫፉ ክር መዘዙ፤ በጥፍራቸው ፍትሉን ፈቱት። ላዩ ሰማያዊ፣ ውስጡ ነጭ።

“አየሽ? ቀለሙ ልቡ ድረስ አይገባም፤ ላይ ላዩን ነው የሚለጠፍ። አዲስ ሲሆን ደግሞ ያልያዘ ትርፍ አለው። ውሃና ሙቀት ያወርደዋል፤ ያሸሽው ቦታ ደግሞ ይላጥና ነጩ ይወጣል። ሱሪው የጣለውን ነጠላሽ ለበሰ፤ በቃ ይኸው ነው።”

“የማድመቂያው ዱቄት ግን...”

“እሱ ሌላ፣ ይሄ ሌላ። ሁለት ሰማያዊ ሁሉ ዘመድ ነው እንዴ?”

“ጨውስ?”

“ጨው ለወጥ ነው።”

በረኪና ልጨምርበት ስላቸው እጄን ያዙኝ፤ “ጥለቱን ይበላዋል።” ሳይደርቅ ብትመልሺው ኖሮ ብዙው ይለቅ ነበር፣ አሁን ግን ስለያዘው ቀስ ብሎ ነው የሚለቅ፤ እጠቢው፣ ፀሐይ ላይ አስጪው፣ ደግመሽ እጠቢው አሉኝ። ሱሪውን ደግሞ ልጅሽ ለብቻው፣ ገልብጣ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ትጠበው፤ ብሩሽ አታስነካው፣ ጥላ ላይ ታስጣው። ይህንን በወረቀት ጽፌ፣ ፊደሌ እየተጣመመ፣ ወደዚያ ለሚሄድ ተማሪ ሰጠሁት። ይቅርታ በይኝ ብዬ መጻፍ አላወቅሁበትም፤ “ገልብጠሽ እጠቢ” ብዬ ጻፍኩ።

በየቅዳሜው ነጠላውን አጠብኩ። የመጀመሪያዎቹ ውሃዎች ሰማያዊ ነበሩ፤ ከዚያ የሰማይ ጥላ የወደቀበት መሰሉ፤ ከዚያ ዝም ብሎ ውሃ ሆነ። ነጠላው ላይ ግን ስስ ሰማያዊ ቀረ፤ መስመሮቹ ተዋሕደው አንድ ጭጋግ ሆኑ። እያጠብኩ አሁን ምን ትበላ ይሆን፣ አሁን በርዷት ይሆን እላለሁ። በደጄ ሲያልፉ የሚያዩኝ ሴቶች፣ “አንቺ ነጠላውን ልታጠፊው ነው” ይሉኛል።

ለግማሽ ዓመቱ እረፍት መጣች። እሷን ካቀፍኩ በኋላ ያየሁት ሱሪዋን ነው። ጥቁሩ ሄዶ ለስልሷል። እኔ የላጥኳቸው መስመሮች ከሌላው ጋር ተመሳስለው ሊጠፉ ምንም አልቀራቸውም። በኪሷ ላይ የቁልፍ ቅርጽ ወጥቷል፤ ከጉልበቷ ኋላ እጥፋቱ ነጥቷል። ሁለቱም ጉልበቷ ነጭ ነው።

“ተንበርክከሽ ትጸልያለሽ ማለት ነው፤ ተመስገን” አልኳት።

“አልጋ ሥር ያለውን ሳጥኔን ስከፍት ነው እማ። ዶርሙ ጠባብ ነው።”

ቢሆንም ደስ አለኝ። ያላየሁትን ኑሮዋን ሱሪው ጽፎልኝ መጣ።

ልትመለስ ስትል ነጠላውን ለመስጠት ፈርቼ አልጋዋ ጫፍ ላይ ብቻ አስቀመጥኩት። አነሣችው። ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ታች ሱሪዋን አየች፣ ነጠላውን አየች።

“እማ፣ ገጠሙ እኮ!”

እውነትም አንድ ቀለም ሆነዋል። አጣፍታው ሄደች። በዚያ ቀን መናኸሪያ ላይ አንገቷ ባዶ አልነበረም።

አሁን ከተመረቀች ቆይቷል፤ እዚያው ሰሜን አስተማሪ ሆና ቀረች። ስልክ ገብቶልናል። ባለፈው ደውላ፣ “እማ፣ ደስ ይበልሽ፣ ነጠላሽ ነጣ! ደጋግሜ ሳጥበው ለቀቀ” አለችኝ።

ያን ሁሉ ቅዳሜ ይልቀቅ ብዬ ስፈትገው ኖሬ፣ ለቀቀ ስትለኝ ሆዴ ባባ።

“ምንም አልቀረም?”

“ጥለቱ ሥር ትንሽ አለች። እሷንም አስለቅቃታለሁ።”

“ተያት” አልኳት። “እሷን አትጠቢያት።”