ሦስት ቅዳሜ ወደ ዘጌ

ነገሩ ግራ ሊያጋባኝ የጀመረው የመጨረሻዋ ልጃችን ለአስተማሪነት ልትማር ደብረ ማርቆስ በሄደች ሰሞን ነው። ጊዜው የደርግ ነው። እኔ ባሕር ዳር ጨርቅ ፋብሪካ፣ ሽመና ክፍል ነበርሁ። ከሃያ ዓመት በላይ በፈረቃ ሠርቻለሁ፤ እኔ ስገባ ባለቤቴ ትተኛለች፣ እሷ ስትነሣ እኔ እተኛለሁ። ስንገናኝም የምንነጋገረው በልጆቹ በኩል ነበር። «አባታችሁን ዘይት አልቋል በሉት» ትላለች። እኔ ደግሞ «እናታችሁን እሑድ የቀበሌ ስብሰባ አለብኝ በሏት» እላለሁ። አንድ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠን ማለት ነው።

ልጆቹ ሲሄዱ መልእክተኛ አጣን። አንድ ቀን ምሳ አቀረበችና በሩ ላይ ቆማ «ቀርቧል በሉት» አለች። ቤት ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው የለም። እኔም እጄን ታጠብሁ። መሳቅ ነበረብኝ። ለምን እንዳልሳቅሁ ዛሬም አይገባኝም።

ጠብ አልነበረንም፤ ቢኖረን እንኳ ይሻል ነበር። ኅዳር ላይ ከሐይቁ ማዶ ዘጌ ያለችው እህቷ ቡና ለቀማ እንድታግዛት ላከችባት። ልብሷን ስትቋጥር አየኋት፤ ወፍራሙን ጋቢም ጨመረችው። መቼ እንደምትመለስ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅሁ። ጀልባው ከሄደ በኋላ ነው ለጥቂት ቀን ለቀማ ጋቢ ምን ያደርግላታል ማለት የጀመርሁት። ባትመለስስ?

ሳምንቱን እንደምንም ቻልሁና ቅዳሜ የጀልባውን ጠርዝ ጨብጬ ዘጌ ወረድሁ። ወደ እህቷ ቤት በሚወስደው የእግር መንገድ ስሄድ ከቡናው መሐል የሴቶች ሳቅ ሰማሁ። ጠጋ ብዬ ባይ ባለቤቴ ናት፤ አንድ ሰው እያስመሰለች ታስቃቸዋለች። ሰውየው ጉሮሮውን ሁለቴ ይጠርጋል፣ ጫማውን አውልቆ ውስጡን ያያል፣ በረጅሙ ይተነፍሳል። ያ ሰው እኔ ነኝ። ልቀየም ወይስ ልሳቅ እያልሁ ዛፍ ተደግፌ ቆምሁ። ይኼን ያህል ዓመት አብሬያት ስኖር ሰው ማስመሰል እንደምትችል አላውቅም ነበር።

ሴቶቹ ሲያዩኝ ወደ ቅርጫታቸው ዞሩ።

«ቤቱ ተቃጠለ እንዴ?» አለችኝ ባለቤቴ።

«ቤቱ ደኅና ነው። ሌላስ ማንን ታስመስያለሽ?»

ትክ ብላ አየችኝ። በልጅነቷ አባቷ የሚያስተምሯቸውን ዲያቆናት አንድ በአንድ ታስመስል እንደነበር፣ አባቷ ደርሰውባት እንደ ገረፏት ነገረችኝ። አባቷ ቄስ መሆናቸውን አውቃለሁ። ሌላውን አላውቅም። በዚያ ቀን አጠገቧ ሆኜ ስለቅም ጥሬውንም ቀዩንም አንድ ላይ ጨመርሁት፤ ቅርጫቱን አይታ «አንተ ሰውዬ፣ ቀይ ቀዩን እኮ ነው» ብላ ሳቀች። ያቺ ሳቅ ሳምንቱን ሙሉ ከጆሮዬ አልጠፋችም።

በሁለተኛው ቅዳሜ ጥያቄ አዘጋጅቼ ሄድሁ፤ ጨዋታ የሚጀመረው እንደዚያ መስሎኝ። ስታድጊ ምን ትፈሪ ነበር፣ ማን ጓደኛሽ ነበር እያልሁ አከታተልሁባት።

«ይኼ የቀበሌ ምርመራ ነው? አንተም ተናገር እንጂ።»

አፈርሁ። ቸግሮኝ ስለ ሽመና ክፍሉ አወራሁላት፤ የሽመና መኪናው ጩኸት ሰው ስለማያሰማ እኛ የምንነጋገረው በከንፈር መሆኑን፣ ከማዶ ያለው ሰው ምን እንዳለ አፉን አይተን እንደምናውቅ ነገርኋት። ለቀማዋን ተወች። ይኼን ሁሉ ዓመት ሳልነግራት መቅረቴ ገረማት፤ እኔን ደግሞ መስማት መፈለጓ ገረመኝ።

«እስቲ ለእኔም አንድ ነገር በከንፈርህ በል» አለችኝ።

ድምፅ ሳላወጣ «ትመለሻለሽ?» አልኋት። በድምፅ አልወጣ ያለኝ እሱ ነበር።

«ድገመው።»

ደገምሁት። ከንፈሬን ብዙ አየችና አልገባኝም ብላ ወደ ቡናዋ ዞረች። ገብቷት ይሆን? ወይስ መልሱ እንቢ ሆኖባት? ስመለስ ሐይቁን እንኳ ልብ አላልሁትም።

በሦስተኛው ቅዳሜ ከጀልባው ልወርድ ስል ወደቡ ላይ ቆማ አየኋት። ጓዟ እግሯ ሥር ነው፤ ጋቢውም ከላይ ታጥፏል። ጓዙን አቀበለችኝና ጀልባው ላይ ወጣች። ለቀማው አልቆ ይሁን ወይስ የጠየቅኋት ገብቷት አላወቅሁም። ልጠይቃት ስል ሞተሩ ተነሣና ጩኸቱ ጆሮ ደፈነ።

ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። እጄን አየች፤ የጀልባውን ጠርዝ አንቄ ይዤዋለሁ። ከዚያ ከንፈሯን ቀስ አድርጋ አንቀሳቀሰች፦ ውሃ ትፈራለህ እንዴ?

ይኼን ያህል ዓመት ሐይቅ ዳር ኖረን መፍራቴን የምታውቅ ይመስለኝ ነበር። አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

ታዲያ ሦስት ጊዜ እንዴት መጣህ? አለችኝ አሁንም በከንፈሯ።

እንዴት እንደ መጣሁ እኔም ግራ ገባኝ። ባሕር ዳር እስክንደርስ አሰብሁበት፤ እሷም መልሱን ስትጠብቅ ዓይኗን ከአፌ አላነሣችም።