በክፍሉ ያልነበረው ራዲዮ

የአንዲት ተማሪ ስህተት ሊጻፍ የሚገባው እንደሆነ እጠራጠራለሁ።

በደርግ ጊዜ ልደታ አካባቢ በሚገኝ ሆስፒታል የአንደኛ ዓመት ነርስ ተማሪ ሆኜ እለማመድ ነበር። ለኢንፌክሽን ጄንታማይሲን የተባለ መርፌ የሚወጉ አንድ ጡረተኛ አዛውንት ተመደቡልኝ። መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ከተጠራቀመ ኩላሊትንና ጆሮን ይጎዳል። በደም ውስጥ ያለውን መጠን የሚለካ መሣሪያ ስላልነበረን ሽንታቸውን እየለካሁ፣ “ጆሮዎ ይጮሃል? ያዞርዎታል?” ብዬ መጠየቅ የእኔ ሥራ ነበር።

“ተመስገን ልጄ፣ ደህና ነኝ” ይሉኝ ነበር። ስድስት ቀን “ደህና” እያልኩ በሚያምር ጽሑፍ መዘገብኩ።

በሰባተኛው ጠዋት፣ “ያንን የሚያፏጭ ራዲዮ አጥፊልኝ፤ ከትናንት ጀምሮ ጣቢያ አልያዘም” አሉኝ። በክፍሉ ራዲዮ አልነበረም። ሮጬ ሐኪሙን ጠራሁ።

ሐኪሙ መርፌውን አስቆሙ። ሽንታቸው ባይቀንስም የደም ምርመራው ኩላሊት ሲጎዳ በደም ውስጥ የሚጨምረው ክሬያቲኒን እጥፍ መሆኑን ስላሳየ ሌላ መድኃኒት አዘዙ። ከዚያ መዝገቤን አይተው ፈገግ አሉ። “አንቺ፣ የምትመዘግቢው ምልክት ነው ወይስ ሰላምታ?”

“ለምን አልነገሩኝም፣ አባባ?” አልኳቸው።

“እንዲያ ተጨንቀሽ እየጠየቅሽኝ እንዴት ላስከፋሽ?”

ፉጨቱ ጨርሶ ባይተዋቸውም የሰው ንግግር በደንብ ይሰማቸው ነበር። ኩላሊታቸው አገግሞ እየቀለዱ ቤታቸው የገቡት ግንቦት 1 ቀን 1976 ዓ.ም. ነው።